በአውራ ጣት ሥር የቀረ የሠርግ ጥሪ

አሁንስ ደከመኝ። ሠርግ እወዳለሁ፤ የደከመኝ የጥሪ ካርዱ ነው። የአሜሪካ በጋ፣ የእኛ ክረምት፣ ሲቃረብ የዘመድ ስልክ ሁሉ በወርቃማ ፊደል በታተመ የእንግሊዝኛ ካርድ ፎቶ ይሞላል፤ ፎቶውም ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞር ቆይቶ እኔ ጋ ይደርሳል። «ሁለት መስመር ናት፣ እስቲ በአማርኛ አድርግልኝ» ይሉኛል። እስካሁን ሁለት መስመር ሆና የመጣች አንዲትም የለችም። መጥታም በአንድ ምሽት ያለቀች የለችም።

የ2017ቷን ልናገር። ግንቦት ውስጥ ነው፤ ጎረቤቴ የሆኑ፣ እትዬ የምላቸው እናት በር አንኳኩተው ገቡ። እህታቸው ከባለቤታቸው ጋር ሜሪላንድ ይኖራሉ፤ ልጃቸው ልታገባ ነው። ካርዱን እነሱው በእንግሊዝኛ አሳትመውታል። ነገር ግን እንግሊዝኛ የማያነቡ አዛውንት ዘመዶች እዚያም እዚህም ስላሉ፣ ለእነሱ የሚላክ የአማርኛ ጽሑፍ ተፈለገ። እትዬም «እኛ ጋ የሚጽፍ ልጅ አለ» ብለው ቃል ገብተው ነው የመጡት። ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

ፎቶው ማታ በአምፖል የተነሳ ነው። ወረቀቱ የክሬም ቀለም፣ ፊደሉ የሚያብረቀርቅ ወርቅ፤ በዚያ ላይ የስልኩ መብራት ቦግ ብሎበት የካርዱ መሐል ነጭ ጭጋግ ሆኗል። ወርቅ ቀለም ብርሃን ሲያርፍበት እንደ መስተዋት ይመልሳል እንጂ አይነበብም። ፊደሉም ያ የእጅ ጽሑፍ መሳይ፣ ጅራቱ የሚጠማዘዝ ዓይነት ስለሆነ፣ ኤል ይሁን ኤስ፣ ቲ ይሁን ኤፍ ለመለየት ቃሉን አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል። ቃል ከሆነ በግምት ይገኛል፤ የሰው ስም ግን በግምት አይገኝም። ሲጀመር የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግማሽ ድምፁን ጥሎ ነው የሚሄደው፤ ጫላም ቻላም አንድ ዓይነት ሆነው ይመጣሉ፣ ጠ እና ተ አይለዩም። በላዩ ላይ ጭጋግ ሲጨመርበት የሙሽራውን አባት ስም ማን ብዬ ልጻፍ? ከካርዱ ግርጌ ደግሞ ካርዱን የያዘው ሰው አውራ ጣት አለ። ጣቱ ሥር አንድ መስመር እንዳለች የፊደሎቹ ጫፍ ያሳብቃል።

እትዬን ሌላ ፎቶ እንዲያስልኩልኝ ለመንኳቸው። ካርዱ ጠረጴዛ ላይ ይተኛ፤ ቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ የስልኩ መብራት ጠፍቶ ከላይ ቀጥ ብሎ ይነሳ፤ አራቱም ማዕዘን ይታይ፤ የመልስ መስጫ ካርዱም ፖስታውም ይነሳ። በቴሌግራም ሲልኩትም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፣ አለዚያ ምስሉ ተጨምቆ ቀጫጭኑ መስመር ይጠፋል። ይህን ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ! «ኧረ ልጄ ይነበባል፣ እኔ እንኳ ታየኝ» አሉኝ። እሳቸው የታያቸው ወርቁ ነው። አዲሱ ፎቶም ሳይመጣ ቀረ፤ እኔም ጀመርኩት። ጥፋቴ ከዚያ ይነሳል።

የመጀመሪያው መስመር ላይ ሚስተር ኤንድ ሚሲስ ይልና የአባትየው ስም ከነአባታቸው ይከተላል። እንግሊዝኛው በቆየ ወጉ ሚስትን በባሏ ስም ነው የሚጠራት፤ እናትየው በዚያ አንዲት ቃል ውስጥ ገብተው ቀርተዋል። በአማርኛ «አቶና ወይዘሮ እገሌ» ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ እኛ ዘንድ ሴት አግብታም በአባቷ ስም ነው የምትጠራው፣ ወይዘሮ የሚለውም ከራሷ ስም ፊት ነው የሚመጣው። ካርዱን ለእትዬ ባነበብኩላቸው ጊዜ ዝም ብለው ሰሙና «እህቴስ የታለች?» አሉ። ልጇን ወልዳ ያሳደገች፣ ድግሱን የምትደግስ ሴት በጥሪው ላይ ስሟ የለም። ስማቸውን ከነአባታቸው ጠይቄ ጻፍኩ። ካርዱ ላይ የሌለውን ስም ሰው ካልነገረኝ ከየት አመጣዋለሁ? ሰው ግን «እንዳለ ገልብጠው» ይላል። እንዳለ ቢገለበጥ እናት ከልጇ ሠርግ ትጎድላለች።

የሙሽሪት ስም ደግሞ ያለ ምንም ማዕረግ ብቻውን ተቀምጧል። የወላጆቿ ስም ከላይ ስላለ የአባቷን ስም እንኳ አይደግሙትም። ለእንግሊዝኛው ይህ ወግ ነው፤ ለአማርኛ አንባቢ ግን ሙሽራው አቶ ተብሎ ሙሽሪት በባዶ ስሟ ስትጠራ አክብሮት የተነፈጋት ይመስላል። «ልጃችን ወይዘሪት» ብዬ አስገባሁ። በሙሽራው ወገንም እንዲሁ አንድ ነገር ነበር። አባቱ በሕይወት የሉም፤ ካርዱ ይህን በአንዲት ለስላሳ ቃል ጠቅሶት ያልፋል። ከዚህ በፊት ያችን ቃል «የሟች አቶ እገሌ ልጅ» ብሎ የተረጎመ ካርድ አይቻለሁ። ሟች የፖሊስና የፍርድ ቤት ቃል ነው፤ ሠርግ ላይ ሬሳ ይዞ ይገባል። አማርኛ ለዚህ የራሱ የከበረ ቃል አለው፦ ነፍስ ኄር። «የወይዘሮ እገሊትና የነፍስ ኄር አቶ እገሌ ልጅ» ሲባል ሐዘኑም አክብሮቱም በቦታው ነው።

ቀጥሎ ያ የተለመደው አረፍተ ነገር ይመጣል። በእንግሊዝኛው ወላጆች ስለ ራሳቸው እንደ ሦስተኛ ሰው ነው የሚናገሩት፤ እገሌና እገሊት የመገኘትዎን ክብር ይጠይቃሉ ይላል ቃል በቃል። እንዲህ ተብሎ የተላከ የአማርኛ ጥሪ በእጄ ገብቶ ያውቃል። ያነበቡት አዛውንት «ማነው የሚጠይቀኝ? ምን አለብኝ?» ብለው ነበር፤ እውነታቸውን ነው። በአማርኛ ወላጅ «እኛ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ልጃችን፣ ደስታችን፣ ጠርተንዎታል። ያ የእንግሊዝኛ ሐረግ ግን ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም፤ የክብሩ ቃል በወጉ የሚገባው ጋብቻው በቤተ እምነት ሲፈጸም ነው። አዳራሽ ወይም አትክልት ቦታ ከሆነ በክብሩ ፈንታ አብሮ የመሆን ደስታ የሚለው ሐረግ ይገባል። ስለዚህ ሐረጉን ሳየው የቦታው መስመር በጭጋግ ቢሸፈንም ቤተ ክርስቲያን መሆኑን አወቅሁ፤ እትዬም አረጋገጡልኝ። «እንግዲያው ተክሊል ብለህ ጻፈው» አሉኝ። እሱን እምቢ አልኩ። ተክሊል ከባድ ቃል ነው፤ የሙሽሮቹን ሕይወት በተመለከተ አንድ ነገር መስክሮ የሚያልፍ ነው፤ ካርዱ ያላለውን እኔ ልል አልችልም። «ጋብቻቸውን በቤተ ክርስቲያን ይፈጽማሉ» የሚለው ይበቃል።

ስለ አክብሮት ካነሳን፣ ሌላ የማያስተኛኝ ነገር አለ። መጀመሪያው ላይ «ክቡር ሆይ፣ እንዲገኙልን» ብሎ እርስዎ የጀመረ ጥሪ መጨረሻው ላይ «ጠርተናችኋል» ሲል ይገኛል። እርስዎ ከተባለ እስከ መጨረሻው እርስዎ ነው፤ እናንተ ከተባለም እናንተ። ካርድ ለአንድ የተከበረ ሰው የሚሰጥ ስለሆነ እርስዎው ይሻላል። ግሡም ጠራ ይሁን። ሻይም ይጋበዛል፣ ቢራም ይጋበዛል፤ ሠርግ ግን ሰው ይጠራል። እኛው «ሠርግ ተጠርቻለሁ» አይደል የምንለው?

ወደ ቀኑ ስደርስ ጭንቅላቴን ያዝኩ። ካርዱ ላይ ቀኑ በፊደል ተጽፏል፤ ቅዳሜ ጁላይ 19 ቀን 2025፣ ሰዓቱ አራት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ። እትዬ ከመምጣታቸው በፊት አንድ የሰፈር ልጅ ሞክሮት ኖሮ «ቅዳሜ ሐምሌ 19 ቀን፣ አራት ሰዓት ተኩል» ብሎ ጽፎ ሰጥቷቸዋል። ወሩን ብቻ ቀይሮ ቁጥሩን እንዳለ ትቶታል። ጁላይ 19 የእኛ ሐምሌ 12 ነው። የሚያስፈራው ስሕተቱ የማይያዝ መሆኑ ነው፤ በሰኔና በሐምሌ በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ልክ 7 ቀን ስለሆነ ሐምሌ 12ም ቅዳሜ ነው፣ ሐምሌ 19ም ቅዳሜ ነው። በአብዛኛው ሌላ ወር ቢሆን ዕለቱና ቀኑ አልገጥም ብለው ሰው ይጠረጥር ነበር። እዚህ ግን ሐምሌ 19 ቅዱስ ገብርኤል መሆኑ ተጨምሮበት «እንዴት ጥሩ ቀን መረጡ» ተብሎ ይመረቃል፤ ሠርጉ ካለፈ በሳምንቱ ነጠላ ለብሶ የሚሄድ ሰው ይኖራል።

ሰዓቱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። አራት ሰዓት ተኩል የሚል የአማርኛ ጽሑፍ አዲስ አበባ ላለ ሰው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ነው፤ ከሠርጉ ሰዓት በስድስት ሰዓት ቀድሞ ይገኛል። ሜሪላንድ ላለ ሰው ደግሞ እንደ ሰውየው ነው። እዚያ ከሚኖሩት አንዳንዱ አማርኛ ሲናገር በእኛ ሰዓት ይቆጥራል፣ አንዳንዱ የአሜሪካውን ሰዓት በአማርኛ ቃል ይጠራል። አንድ ቤት ውስጥ እናትና ልጅ በሁለት ሰዓት ሲቆጥሩ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን መጻፍ ግድ ነው፦ ከቀኑ 10:30፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 4:30። አዲስ አበባ ሆነው በስልክ በቀጥታ ለሚከታተሉት ደግሞ ሌላ መስመር ያስፈልጋል፤ በዚያ ወራት በመካከላችን የ7 ሰዓት ልዩነት ስላለ ለእነሱ ቅዳሜ ከምሽቱ 5:30 ይሆናል።

እዚያው ላይ የለመደ እጄ «ከቀኑ 10:30 ጀምሮ» ሊል ነበር። የእኛ ካርድ ሁሉ «ጀምሮ» ይላል። «ጀምሮ» የተባለ ሰው ሲመቸው ይመጣል፤ ድግሱ ቀኑን ሙሉ ነው፣ ቢዘገይም ሳህን ይቀርብለታል። የእንግሊዝኛው ካርድ ግን ሰዓቱ ሥርዓቱ የሚጀመርበት ሰዓት ነው። «ጀምሮ»ን ሰርዤ «ልክ» የሚል አደረግሁበት። አንዲት የወግ ቃል ትርጉም አስመስላ ሐሰት ልትናገር ትችላለች። ይህን እያወቅሁ ከአንድ አንቀጽ በታች በሌላዋ ተያዝኩ።

ግርጌው ላይ ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ስላለው ግብዣ ይናገራል። ይህን ቃል «አቀባበል» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ አቀባበል ለመጣ እንግዳ በአውሮፕላን ማረፊያ የሚደረግ ነው፤ ይህ ግብዣ ነው። ልብስን በተመለከተም ጥቁር ክራቫት የሚል ነበረበት። ቃል በቃል ቢጻፍ አዛውንቶቹ ለቀብር የተጠሩ ይመስላቸዋል። ካርዱ የሚፈልገው ወንዱ የክብር ሙሉ ልብስ፣ ሴቷ የማታ ረጅም ቀሚስ እንድትለብስ ነው፤ «የክብር ልብስ» ብዬ አለፍኩት፤ ለእኛ እናቶች የአገር ልብስ ከዚያ በላይ ነውና።

በመጨረሻም ጻፍኩት፦

«ልጃችን ወይዘሪት እገሊት፣ የወይዘሮ እገሊትና የነፍስ ኄር አቶ እገሌ ልጅ ከሆነው ከአቶ እገሌ ጋር ቅዳሜ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2025) ልክ ከቀኑ 10:30 (በአሜሪካ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 4:30) ጋብቻቸውን በቤተ ክርስቲያን ስለሚፈጽሙ፣ በሥነ ሥርዓቱና ከዚያ በኋላ በሚኖረው ግብዣ ላይ ከነቤተሰብዎ ተገኝተው የደስታችን ተካፋይ እንዲሆኑልን በአክብሮት ጠርተንዎታል።»

ከሥሩ የአባትና የእናት ስም። ለእትዬ አነበብኩላቸው። የእህታቸውን ስም ሲሰሙ እንባቸው መጣ፤ «እንዲህ ነው እንጂ ጥሪ» አሉ። የዚያኑ ሌሊት ለሁሉም ተላከ።

«ከነቤተሰብዎ» የምትለውን ልብ በሉልኝ። ካርዱ ላይ የለችም። እኔም አስቤ አልጻፍኳትም፤ ያለ እሷ የአማርኛ ጥሪ ጎደሎ ስለሚመስለኝ እጄ ራሱ ነው የጻፋት። አባቶቻችን የጻፉት ጥሪ ሁሉ እሷ አለችበት። በእኛ ቤት ተጠርቶ ልጁን ጥሎ የሚመጣ የለም፤ ድንኳኑ ሰፊ ነው፣ እንጀራው ይበቃል።

ከ10 ቀን በኋላ ዋናው ካርድ በሰው እጅ አዲስ አበባ ገባ። እትዬ በደስታ ይዘውልኝ መጡ፤ ወርቁ ያምራል፣ ወረቀቱ ወፍራም ነው። ዓይኔ ቀጥ ብሎ የሄደው ወደ ግርጌው፣ አውራ ጣቱ ወደ ነበረበት ነው። መስመሯ የምትለው ግብዣው ለአዋቂዎች ብቻ መሆኑን ነው። አብራ በመጣችው ትንሽ የመልስ ካርድ ላይ ደግሞ ኤም የምትል ፊደል ትጀምርና ባዶ መስመር ይከተላታል፤ እንግዳው ሚስተር ወይም ሚሲስ ብሎ ስሙን የሚሞላባት ናት። ከሥሯ ለእርስዎ 2 ቦታ ተይዟል፣ እስከ ጁን 20 ይመልሱልን ይላል፤ ያም ማለት እስከ ሰኔ 13። ፖስታው ላይ የተጻፈው ስም የባልና የሚስት ብቻ ነው። ካርዱ ማን እንደተጠራ የሚናገረው በፖስታው ነው፤ ፖስታው ላይ ስሙ የሌለ አልተጠራም ማለት ነው። እኔ ግን በፎቶ የደረሰኝ የካርዱ ፊት ብቻ ነበር፤ እሱም ጣት ያረፈበት።

እነሱ ለ2 ሰው የያዙትን ወንበር እኔ በአንድ ቃል ለቤት ሙሉ ሰው ሰጠሁት። አዳራሹ የሚከፈለው በሰው ቁጥር ነው።

አሁን ያን ቃል እንዴት አድርጎ መመለስ ይቻላል? «ሕፃናትን ይዞ መምጣት ክልክል ነው» ተብሎ አይጻፍ፤ የመሥሪያ ቤት በር ላይ የሚለጠፍ ነው። «በስሕተት ነው» ቢባልም ሰው «መጀመሪያ ጠርተው ኋላ ተጸጸቱ» ይላል። ሁለት ሌሊት አውጥቼ አውርጄ እንዲህ አልኩ፦ «የግብዣው ቦታ ውስን በመሆኑ ለእርስዎና ለባለቤትዎ ሁለት ቦታ አክብረን ይዘናል፤ መገኘትዎን እስከ ሰኔ 13 ቀን ቢያሳውቁን ደስታችን ነው።» ባለቤታቸው የሌሉትን ለይቼ ለየብቻ ጻፍኩ፤ የትዳር ጓደኛውን ለቀበረ ሰው «ለባለቤትዎ» ተብሎ አይላክም። ይህን ሁሉ ማን ያስባል ብላችሁ ነው?

እትዬ ጽሑፉ ብቻውን ደረቅ ነው ብለው ለእያንዳንዱ ራሳቸው ደወሉ። አብዛኛው ተረዳቸው። አንድ ሜሪላንድ የሚኖሩ አዛውንት ግን ለአራት የልጅ ልጆቻቸው ልብስ ገዝተው ጨርሰዋል፤ ትንሿ ልጅ ጫማዋን አድርጋ እንደምትተኛ ነገሯቸው። እትዬ ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው ወደ እኔ ዞሩና «ለእሳቸው ምን ልበል?» አሉኝ። የምለው አጣሁ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ስልኩን ከፍተው «ጋሼ፣ ይምጡ፤ ልጆቹንም ይዘው ይምጡ» አሏቸው። ከዚያ ለእህታቸው ደውለው 4 ወንበር አስጨመሩ።